12 ቆርኪዎች

ዛሬ ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ማባዛትን በቆርኪ ጀመርን። «3 × 4ን በክምር አሳዩኝ» አልኩ፤ ሦስት ክምር፣ በእያንዳንዱ አራት ማለቴ ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሦስት ክምር ሠርታ «12!» አለች። መልሱ ልክ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ክምሮቹ 5፣ 4 እና 3 ናቸው። ድምሩን ብቻ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የትክክል ምልክት አድርጌ አልፍ ነበር። (ስንት ጊዜ እንዲህ አልፌ ይሆን?)

ስህተት ነው አላልኳትም። «ደጋግመሽ የደመርሽው ቁጥር የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። 5 + 4 + 3 ብላ ጻፈችና ዝም አለች። ከዚያ እያንዳንዱን ክምር በአንድ ረድፍ እንድትደረድር ነገርኳት። የመጀመሪያው ረድፍ በአንድ ቆርኪ ወጣ ብሏል፤ የመጨረሻው በአንድ አጥሯል። በክምር ውስጥ ያልታየው ልዩነት እዚህ ፈጥጦ ወጣ። እኔ ምንም ሳልናገር ትርፉን አንስታ ጎደሎው ላይ አስቀመጠችና 4 + 4 + 4 ብላ ጻፈች።

ቆርኪዎቹ የተደረደሩት ካርቶን ላይ ስለነበር ካርቶኑን ሩብ ዙር አዞርኩት። አሁን አራት ረድፍ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ሦስት። «3 + 3 + 3 + 3» አለች፤ ቀጥላም «ቆርኪው እኮ ያው ነው!» ብላ ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ግን አላመናትም፤ 12ቱንም አንድ በአንድ እንደገና ቆጠረ።