ለመቀበልም ገደብ አለው፦ የሞባይል ዋሌቴን ደረጃ ከፍ ያደረግኩበት መንገድ

የሞባይል ዋሌት ገደብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለሚልከው ገንዘብ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን መቀበሉ ነው። ለአንድ ደንበኛ የትርጉም ሥራ ሠርቼ ክፍያውን በዋሌት ላከልኝ፤ አልገባም። እሱ ስልክ ላይ «ግብይቱ አልተሳካም» ይላል። እኔ ጋ ምንም የለም፤ መልእክት እንኳ አልመጣም። ኔትወርክ ይሆናል ብሎ ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። የሱ አካውንት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ስለነበር ችግሩ ገደብ ሊሆን እንደሚችል አልጠረጠረም። የኔ ግን በስልክ ቁጥርና በስም ብቻ የተከፈተ፣ ታችኛው ደረጃ ላይ ያለ ነበር። ዝውውር የሚያልፈው የላኪውንም የተቀባዩንም ገደብ ሲያሟላ ነው።

አፑ ውስጥ የአካውንት ደረጃ የሚታይበት ገጽ አለ። እሱን ስከፍት ነገሩ ተገለጠልኝ። ገደቦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በቀንና በወር የሚንቀሳቀሰውን ገንዘብ ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት አካውንቱ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይወስናል፤ የቀሪ ሂሳብ ጣሪያ ማለት ነው። የኔን ክፍያ የመለሰው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ቁጥሩ በየአገሩና በየድርጅቱ ይለያያል። ስለዚህ ለስሌት እንዲመች በክብ ቁጥር ላስረዳ። ጣሪያው 10,000 ነው እንበል። አካውንቱ ውስጥ 3,400 አለ፤ የሚመጣው ክፍያ 8,000 ነው። ሲደመር 11,400 ይሆናል፤ ጣሪያውን በ1,400 አለፈ። ሲስተሙ የሚበቃውን 6,600 ተቀብሎ ትርፉን አይመልስም፤ ክፍያውን እንዳለ ነው የሚመልሰው።

ደንበኛዬ «ለሁለት ከፍዬ ልላክልህ?» አለኝ። ቸርነቱን ወደድኩት፤ ግን ለዚህ ችግር አይሠራም። የመጀመሪያው 4,000 ሲገባ ቀሪ ሂሳቡ 7,400 ይሆናል፤ ሁለተኛው 4,000 ሲመጣ ያው 11,400 ላይ እንደርሳለን። በዚያ ላይ ገንዘብን ከገደብ በታች እየቆራረጡ መላክ የድርጅቶቹ የክትትል ሲስተም ዓይን ውስጥ ከሚያስገቡ ነገሮች አንዱ ነው። ለማጣራት ተብሎ አካውንቱ ቢታገድ ከተመለሰ ክፍያ የባሰ ጣጣ ነው።

የሚሠራው ቦታ መልቀቅ ነው። ወኪል ጋ ሄጄ 2,000 አወጣሁ። 1,400 ቀረ፣ ከኮሚሽኑ በኋላ ደግሞ ትንሽ ያነሰ። አሁን 8,000 ሲጨመር ከ9,400 አይበልጥም። ደንበኛዬ እንደገና ላከ፤ ወዲያው ገባ። ጥሬ ገንዘብ ማውጣትም በብዙ ዋሌቶች ከቀኑ የወጪ ገደብ ላይ እንደሚቀነስ ልብ በሉ። በዚያኑ ቀን ሌላ የሚላክ ነገር ካላችሁ አስቀድማችሁ አስሉት።

ታዲያ ለምን እዚያው አላበቃሁም? ወርሃዊው ቆጣሪ ስላለ ነው። የወሩ የመቀበያ ገደብ 20,000 ነው እንበል። ከዚህ ክፍያ በፊት በወሩ ውስጥ 9,500 ገብቶልኛል። አሁን 17,500 ሆነ። ቀጣዩ 8,000 ሲመጣ 25,500 ይደርሳል፤ አካውንቴ ባዶ ቢሆን እንኳ አይገባም። ማውጣት ቀሪ ሂሳቡን ይቀንሳል እንጂ እስካሁን የገባውን ድምር ወደ ኋላ አይመልስም። በዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ መደበኛ የሥራ ክፍያ መቀበል አይቻልም። ደረጃውን ማሳደግ ግድ ሆነ።

ደረጃዎቹ የተሠሩበት ምክንያት አለ። ሕገወጥ ገንዘብን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የሚያወጣው መመሪያ የደንበኛ ማጣራት እንደ ስጋቱ መጠን እንዲሆን ይፈቅዳል። ሙሉ ሰነድ የሌለው ሰው ከአገልግሎቱ እንዳይቀር በቀላል ማጣራት አካውንት ይከፈትለታል፤ በምትኩ በአካውንቱ የሚያልፈው ገንዘብ ትንሽ እንዲሆን ይደረጋል። ስለዚህ ማንነታችሁን ባረጋገጣችሁ ቁጥር ገደቡ ይላላል። ለደንበኛ አገልግሎት ደውሎ «እባካችሁ ለዛሬ ብቻ ከፍ አድርጉልኝ» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ሊቀይረው አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመውጣት የተጠየቅኩት የመታወቂያ ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ ከዚያም ሰልፊ ነው። ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋገጥኩ፤ ጊዜ ያተረፈልኝም እሱ ነው። የሲም ካርዱ ምዝገባ፣ የዋሌቱ ፕሮፋይልና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የኔ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሲሙ ላይ አንድ ፊደል ተደርቧል፣ መታወቂያው ላይ የለም። ለሰው ዓይን ያው ስም ነው፤ ለሚያመሳክረው ሲስተም ግን ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ቴሌኮሙ ጋ ሄጄ የሲሙን ምዝገባ በመታወቂያው አጻጻፍ አስተካከልኩ። ማመልከቻውን የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶውም የራሱ ጣጣ አለው። መታወቂያዬ ላሚኔት የተደረገ ስለሆነ በፍላሽ ሲነሳ ልክ የትውልድ ቀኑ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ያርፍበታል። ፍላሹን አጥፍቼ፣ መስኮት አጠገብ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አነሳሁት። አራቱም ማዕዘን ፎቶው ውስጥ መግባቱን ማየት ነው። ውድቅ ከተደረገባችሁ ምክንያቱን በደንብ አንብቡት። «ምስሉ አይነበብም» ካለ ድጋሚ ማንሳት ይበቃል። «መረጃው አይዛመድም» ካለ ግን ፎቶ መቶ ጊዜ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም፤ ልዩነቱ ያለው ስሙ ወይም የትውልድ ቀኑ ላይ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ በአካል መቅረብ፣ የአድራሻ ማረጋገጫና የገቢ ምንጭ ይፈልጋል። ለኔ የገቢ መጠን አያስፈልግምና ተውኩት።

ከጸደቀልኝ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። አዲሱ ገደብ ከዜሮ አይጀምርም። ወርሃዊው ወደ 60,000 ከፍ አለ ብንል፣ በዚያው ወር የገባው 17,500 ይቀነስና የሚቀረው 42,500 ነው። ለደንበኛ «አሁን ሙሉውን መቀበል እችላለሁ» ከማለታችሁ በፊት ቀሪውን እዩ። ወሩ መቼ እንደሚታደስም ጠይቁ። አንዳንዱ ጋ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ይታደሳል፤ ሌላው ደግሞ ያለፉትን 30 ቀናት እየተከተለ ይቆጥራል። በሁለተኛው አቆጣጠር ወር ሲገባ ሁሉም በአንዴ አይለቀቅም፤ የገባው ገንዘብ 30 ቀን ሲያልፈው የዚያን ያህል ብቻ ነው ቦታ የሚገኘው።

መታወቂያው የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልፍ ደግሞ ደረጃው ወደ ታች ሊመለስ ይችላል። ያኔ ቀሪ ሂሳቡ ከታችኛው ጣሪያ በላይ ከሆነ መቀበል ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መታወቂያዬ የሚያበቃበትን ቀን ስልኬ ካላንደር ላይ መዘገብኩ፤ ማሳደሻ ጊዜ እንዲኖረኝ ማስታወሻውን ሁለት ወር ቀደም አድርጌዋለሁ።