በአዳማ ሙቀት ሁለት ዓይነት አንሶላ ስፈትን

አዳማ ውስጥ ስምንት ክፍሎች ያሏት አነስተኛ ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ያረጁትን አንሶላዎች ስቀይር ለአራቱ ክፍሎች ፐርኬል፣ ለቀሩት አራቱ ደግሞ ሳቲን ገዛሁ። ሁለቱም ጥጥ ነበሩ፤ የሚለያዩት በሽመናቸው ነው። በፐርኬል ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር እያለ ስለሚያልፍ ጨርቁ በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት፣ የማያብረቀርቅና ሲነኩት ደረቅ ያለ ይሆናል። በሳቲን ግን አንዱ ክር ብዙውን ጊዜ አራት ክሮችን ተራምዶ በአምስተኛው ሥር ይገባል፤ የላይኛው ፊት የሚለሰልሰውና የሚያብረቀርቀው በዚህ ሳይታሰር በሚቀረው ረጅም ክር ምክንያት ነው። (ገበያ ላይ ሳቲን የሚባል ፖሊስተርም ስላለ፣ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ አቃጥዬ ነበር፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይጠጥራል።)

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳቲኑን ሁሉም ወደደው። አጣቢያችንም «እትዬ፣ ይሄኛውስ ካውያም አይፈልግ» አለችኝ፤ ፐርኬሉ በበኩሉ ከገመድ ላይ የሚወርደው ተጨማዶ ነበርና። ሙቀቱ ሲበረታ ግን በሳቲን ክፍሎች ያደሩ እንግዶች እንደሞቃቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ ጠበቅ ብሎ የተሸመነና ገላ ላይ የሚለጠፍ ጨርቅ እንደ ፐርኬል አየር አያሳልፍም።

በሦስተኛው ወር ገደማ በሳቲኖቹ ላይ፣ በተለይ እግር በሚያርፍበት በኩል፣ ጥቃቅን የክር ድብልብሎች ወጡ፤ አንዳንድ ቦታም ክሩ ተመዞ ጨርቁ ተኮማትሮ ነበር። መጀመሪያ የተሸጠልኝ የረከሰ ዕቃ መሰለኝና ተናደድኩ። በኋላ አንዱን አንሶላ ወደ ብርሃን አቅንቼ ስመለከት፣ ክር የተመዘዘባቸው ቦታዎች ጨርቁ ከማስጫው ሽቦ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ መሆናቸውን አየሁ። ነፋሱ አንሶላውን በዛገው ሽቦ ላይ ሲያንገላታው፣ ያ ያልታሰረ ክር በቀላሉ ይያዛል። ድብልብሎቹ ደግሞ የመጡት ንቃቃት ያለው ተረከዝ ስለሚፈገፍገውና ከፎጣ ጋር ስለምናጥበው ነበር። በፐርኬሉ ላይ በዚያው ሽቦና በዚያው አስተጣጠብ የደረሰ ይህን የመሰለ ጉዳት አላየሁም፤ እያንዳንዱ ክር በጎረቤቱ ታስሯል።

ሽቦውን በፕላስቲክ ገመድ ቀየርኩ። ሳቲኑን አሁን ገልብጠን፣ ለብቻው፣ በ30 ዲግሪ ውሃ እናጥባለን፤ ጥጥን ስለሚያደክም በረኪናንም ከሁለቱም አርቀናል። ፐርኬሉን ጥቂት እርጥበት ሳለው አውርደን ለሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ወጥረን ስናጥፈው ካውያው በጣም ይቀላል፤ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ መጥቷል።

ዛሬ ስድስቱ ክፍሎች ፐርኬል ናቸው። ያልተጎዱትን ሳቲኖች ለሐምሌና ነሐሴ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከተጎዱት ደግሞ ደህናውን ቦታ ቆርጬ የትራስ ልብስ አሰፋሁ።