በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ

ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ ድንገተኛ ክፍል መጣች። እናትየው የካንሰር ታማሚ ናቸው። ሰባት ወር ሙሉ የሚጠጣ ሞርፊን ሲወስዱ ቆይተዋል፤ በየ4 ሰዓቱ 30 ሚሊ ግራም።

«ዶክተር፣ እማዬ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ብቻ ሆናለች» አለችኝ።

ነርሷ ቀድማ ኦክስጅን አድርጋላቸዋለች። ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ 96 በመቶ ያሳያል። ቁጥሩን አይቼ ተረጋጋሁ፤ ስህተቴ እሱ ነበር። ኦክስጅን የተደረገለት ሰው በጣም ጥቂት እየተነፈሰም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያንን መሣሪያው አያየውም። ቆይቼ እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ስድስት ብቻ።

«እማማ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አልኳቸው። አንዴ ሳቡ። ከዚያ መልሰው ዝም አሉ። ይህ የሞርፊን ምልክት ነው። ሳንባቸው አልደከመም፤ መተንፈስ እንዳለበት የሚያስታውሰው አንጎል ነው የደነዘዘው።

ሞርፊን የሚሠራው ሴሎች ላይ ባሉ፣ መድኃኒቱን በሚቀበሉ ሪሴፕተሮች ነው። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሚዩ፣ ካፓ እና ዴልታ። ሞርፊን በዋናነት የሚይዘው ሚዩን ነው። ሕመምን የሚያስታግሰውም ትንፋሽን የሚያዘገየውም ያው ሚዩ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንጎል ግንድ ውስጥ የትንፋሽን ምት የሚያወጡ ሴሎች አሉ። ሚዩ ሲነሳሳ ፖታሲየም ከሴሉ ይወጣል፣ የካልሲየም መግቢያው ይጠብባል፣ ሴሉም ጸጥ ይላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር «ተንፍስ» የሚለው ማንቂያም ይዳከማል።

«ሰባት ወር የለመደችውን መድኃኒት?» አለች ልጅቷ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሞርፊን ሲቆይ ሪሴፕተሩ ምላሹ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ከሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ይለምደዋል የምንለው ይህን ነው። ግን መልመድ በሁሉም ነገር እኩል አይደለም። የትንፋሽ መላመድ የሕመም ማስታገሻውን ያህል የተሟላ አይሆንም። የዓይን ብሌን መጥበብ ደግሞ ብዙም አይለመድም። ስለዚህ የእሳቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ መጥበቡ ብቻውን ምንም አልነገረኝም።

ደግሞም የለመዱት መጠን ያው አልነበረም። ለሦስት ቀን ተቅማጥ ነበራቸው። ለሕመሙ ብለው ዲክሎፌናክም ጨምረው ወስደዋል። ተቅማጡም ዲክሎፌናኩም ኩላሊትን ይጎዳሉ። የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሪያቲኒናቸው 3.1 ወጣ፤ ከፍ ያለ ነው። ጉበት ሞርፊንን ሲለውጠው ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ራሱ ብርቱ ማስታገሻ ነው፤ የሚወጣውም በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። የሚጠጡት አልጨመረም፤ ደም ውስጥ ያለው ግን ጨምሯል።

የሞርፊን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ሚዩን ይይዛል ግን አያነሳሳውም፤ ሞርፊንን ገፍቶ ቦታውን ይቀማል። ከዚህ በፊት ለአንድ የለመደ ታማሚ ሙሉውን አምፑል፣ 0.4 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ሰጥቼ አውቃለሁ። ላቡ ተንቆረቆረ፣ አስመለሰው፣ የተኛው ሕመም ሁሉ በአንዴ ተነሳበት። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚህኛው ሌሊት አምፑሉን በሳላይን 10 ሚሊ ሊትር አድርጌ በጠበጥኩት። ነርሷ በአምቡ ባግ ትንፋሻቸውን እያገዘች፣ በየ2 ደቂቃው 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 0.04 ሚሊ ግራም ሰጠሁ። የምጠብቀው መንቃታቸውን አልነበረም፤ ትንፋሻቸውን ነው። ከሦስተኛው በኋላ 12 ደረሰ። ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን አዩ። ሕመሙም አልተመለሰም። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ልጅቷ «ዳነች፣ ቤት እንሂድ» አለች። አልፈቀድኩም። የናሎክሶን ሥራ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ውስጥ ያለው የሞርፊን ትራፊ ግን ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። እውነትም ከ50 ደቂቃ በኋላ ትንፋሻቸው 7 ወረደ። ያው 0.12 ሚሊ ግራም መለሳቸው። ከዚያ የዚህን ሁለት ሦስተኛ፣ በሰዓት 0.08 ሚሊ ግራም፣ በጉሉኮስ መስመራቸው እንዲንጠባጠብ አደረግሁ። ሳላይንም ሰጠናቸው። ትንፋሻቸውን በየ15 ደቂቃው ቆጠርን።

ናሎክሶኑን በማግስቱ ከሰዓት ቀስ በቀስ አቆምነው። ዲክሎፌናኩ ቀረ። ሕመሙ ሲመለስ በ10 ሚሊ ግራም ጀመርን፤ በሰዓት ቆጥረን ሳይሆን ሕመሙ ሲነሳ ብቻ። ሲወጡ ልጅቷ በስልኳ ሰዓት ይዛ የእናቷን ትንፋሽ ቆጥራ አሳየችኝ። «ከአስር በታች ከሆነና እንቅልፉ ከከበዳት ቀጣዩን ሞርፊን አልሰጣትም፤ ይዣት እመጣለሁ» አለች።