ስድስት ሰው እንጂ አሥራ ሁለት አይደለም

ዛሬ ከሰዓት ማራኪ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ከፈተችልኝ። ጥናቷ ስለ ደም ግፊት ነው። ታካሚዎቹ ጨው እንዲቀንሱ ከመመከራቸው በፊት ተለክተዋል። ከወራት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተለኩ። «መምህር፣ አብዛኞቹ ግፊታቸው ወርዷል፤ ቴስቱ ግን ለውጥ የለም ይለኛል» አለችኝ።

ፒ-ቫልዩውን፣ ማለትም እውነተኛ ለውጥ ባይኖር ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን ትቼ፣ መጀመሪያ ያየሁት `df` የሚለውን፣ ስንት ልኬት እንደተቆጠረ የሚጠቁመውን ቁጥር ነው። ከታካሚዎቿ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የበፊቱንና የኋላውን ልኬት አንድ ዓምድ ውስጥ ደርድራ፣ አጠገቡ 1 እና 2 ብላ ምልክት አድርጋለች። ከዚያ `Independent-Samples T Test` የሚለውን መርጣለች። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? እያንዳንዱን ሰው ሁለት ሰው አድርጎ ቆጠረው።

የታካሚዎቿን ዳታ እዚህ አላወጣም። ለማስረዳት ብዬ ወረቀት ላይ የፈጠርኩላትን የስድስት ሰው ቁጥር ግን ላስቀምጥ። የላይኛው የግፊት ቁጥር ነው።

በፊት፦ 168፣ 152፣ 146፣ 160፣ 138፣ 154። አማካዩ 153።
በኋላ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፦ 156፣ 150፣ 138፣ 151፣ 139፣ 148። አማካዩ 147።

በአማካይ 6 ወርዷል። ሁለቱን ረድፎች እንደማይተዋወቁ ቡድኖች ብናያቸው፣ የዚህ 6 ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም በአጋጣሚ ሊወዛወዝ የሚችልበት መጠን፣ 5.17 ይሆናል። 6 ለ5.17 ሲካፈል ቲ 1.16፣ ፒ-ቫልዩ 0.27 አካባቢ። «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ይዘጋል።

ግን ያ 5.17 ከየት መጣ? የመጀመሪያው ሰው 168፣ አምስተኛው 138 ነው። በመካከላቸው 30 አለ። ይህ ልዩነት ምክሩ ከመጀመሩ በፊትም የነበረ ነው፤ ዕድሜ ይሁን፣ ክብደት ይሁን፣ ዘር ይሁን፣ ከጥያቄያችን ጋር አይገናኝም። የሰው ከሰው መለያየት ነው ለውጡን የዋጠው።

አሁን እያንዳንዱን ሰው ከራሱ እንቀንሰው፦ 12፣ 2፣ 8፣ 9፣ -1፣ 6። 168 የነበረውም 138 የነበረውም እዚህ ቦታ እኩል ናቸው። የቀረው ለውጡ ብቻ ነው። አማካዩ ያው 6 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4.77፣ ለስድስት ስኩዌር ሩት ሲካፈል 1.95 ይሆናል። ቲ 3.08፣ `df` 5፣ ፒ-ቫልዩ 0.03 አካባቢ። ፔርድ ቲ-ቴስት ማለት ይኸው ነው፤ በልዩነቶቹ ላይ የሚሠራ ተራ ቲ-ቴስት።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ታሪኩ ነው። ዊልያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም በ1908 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፉ ላይ ከተጠቀመባቸው ምሳሌዎች አንዱ የ10 ታካሚዎች እንቅልፍ ነበር። ሁለት መድኃኒት በየታካሚው ላይ ተሞክሮ፣ የእያንዳንዱን ልዩነት ወስዶ ነው ያሰላው። ስለዚህ ጥንድ ልኬት ለቲ-ቴስት እንግዳ አይደለም፤ ከመነሻው አብሮት አለ።

ተማሪዋ ዳታውን አስተካክላ አንድ ሰው አንድ መስመር፣ በፊትና በኋላ ሁለት ዓምድ አደረገችው። እዚህ ላይ ነበር የፈራሁት። ሁለተኛው ልኬት የየትኛው ሰው እንደሆነ ካልታወቀ ጥንዱ ከተበተነ በኋላ መልሶ የሚገጥመው የለም። በቅደም ተከተል መደርደር ወይም በግምት ማዛመድ ደግሞ ውሸት መፍጠር ነው። ደግነቱ የካርድ ቁጥር ሳይሆን የራሷን መለያ ኮድ በሁለቱም ቅጽ ላይ ጽፋለች። ሁለተኛውን ዙር ያልተለኩ ሰዎች ግን ጥንድ ስለሌላቸው ከስሌቱ ይወጣሉ። ስንት እንደሆኑና ለምን እንደቀሩ ጻፊ አልኳት። የሻላቸው ብቻ ተመልሰው ከሆነ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያምራል።

«እንግዲህ ምክሩ ሠርቷል ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም። ቴስቱ ግፊቱ መውረዱን እንጂ ለምን እንደወረደ አይናገርም። ሰዎቹ የተመረጡት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው። አንድ ቀን ከፍ ያለ ልኬት ደግሞ ማንም ሳይነካው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ልማዱ ዝቅ ማለት ይወዳል። ይህን ለመለየት ምክሩን ያላገኘ፣ በዚያው ጊዜ ሁለቴ የተለካ ሌላ ቡድን ያስፈልጋል። ያኔ የየሰውን ለውጥ አስልቶ፣ የአንዱን ቡድን ለውጥ ከሌላው ቡድን ለውጥ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱ ቡድኖች የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ለዚያ ንጽጽር ትክክለኛው ያ መጀመሪያ የመረጠችው ኢንዲፔንደንት ቴስት ይሆናል።