መሬት አያረጅም፣ እኔን ግን አስረጀኝ

ከሦስት ሳምንት ትግል በኋላ «መሬትና ህንጻ በአንድ ዋጋ» የሚለው ጥያቄ ትናንት ማታ እጅ ሰጠኝ። የሒሳብ መዝገብ ስጀምር የጥሬ ገንዘቡም የዕቃ ክምችቱም ብዙ አላስቸገሩኝም። ይኼኛው ግን ከድሬ ሙቀት ጋር ተዳብሎ እንቅልፍ ነሣኝ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ቦታና ህንጻ አንድ ላይ በ12,000,000 ብር ገዛ፤ ለደላላና ለውል ደግሞ 600,000 ብር ከፈለ። ገማቹ ቦታውን 4,500,000፣ ህንጻውን 10,500,000 ብር አለው። እኔ የገማቹን ቁጥር እንዳለ መዘገብኩት። ዴቢቱ 15,000,000፣ የተከፈለው 12,600,000 ሲሆንብኝ ልዩነቱን «በርካሽ የመግዛት ትርፍ» ብዬ ገቢ ላይ ጻፍኩት። ኮርቼበትም ነበር።

የቢሮአችን ሒሳብ ሹም ጋሼ ደብተሬን አይተው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ገዝተሽ ስትገቢ ነው የምታተርፊው? ሽጪውና እናያለን!»

ለካ ግምቱ የሚፈለገው ለድርሻ ብቻ ኖሯል። ከ15,000,000 ውስጥ የቦታው 30 በመቶ፣ የህንጻው 70 በመቶ ነው። ይህ ድርሻ የሚመታው በተከፈለው በ12,600,000 ነው፤ የደላላውም ብር አብሮ ለሁለቱ ይከፋፈላል ማለት ነው። ቦታው 3,780,000፣ ህንጻው 8,820,000 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው የከፈላችሁትን ካልሰጧችሁ አንድ ቦታ ስታችኋል። ህንጻው 40 ዓመት አገልግሎ 820,000 ብር ቀሪ ዋጋ ይኖረዋል ካልን፣ የዓመቱ እርጅና 200,000 ብር ነው። የቦታው ድርሻ አይነካም።

«ህንጻውን በግምቱ ያዝ፣ የተረፈውን ለመሬት ስጥ» የሚሉ አሉ። አልወደውም። ያኔ የዓመቱ እርጅና 242,000 ይሆናል፤ ቅናሹን ሁሉ ቦታው ብቻውን ተሸከመው ማለት ነው፣ ማን ፈረደበት? «ሁልጊዜ ለቦታው 20፣ ለህንጻው 80 በመቶ» የሚለውም አይዋጥልኝም። አንድ ዓይነት ህንጻ ከዚራ የዛፍ ጥላ ስር ቢቆም፣ ጎርፍ በሚያሰጋው ደቻቱ ዳር ቢቆም፣ ብሎኬቱና ብረቱ ያው ነው። የሚለያየው የቦታው ዋጋ ነው፤ ድርሻውም አብሮት ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን የምማርበትን መጽሐፍ አምኜ ተሸውጄ ነበር። የመጽሐፉ መሬት የግል ነው። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ በሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ ያለ ህንጻ የገዛ ሰው ከህንጻው ጋር የሚያገኘው የሊዝ መብቱን ነው። መብቱ ማለቂያ ስላለው ድርሻው በቀረው የሊዝ ዘመን ይከፋፈላል። ዋጋውን ለመብቱና ለህንጻው ማካፈሉ ግን አይቀርም፤ የሁለቱ ዕድሜ ይለያያላ።

አሁን የቀረኝ አሮጌ ቤት ያለበትን ቦታ፣ ቤቱን አፍርሶ ለመሥራት ሲገዛ ያለው ነው። ያኔ ለቤቱ ድርሻ የለውም፤ ዋጋው ሁሉ የቦታው ነው፣ የማፍረሻው ወጪም ይጨመርበታል። የፈረሰው ቆርቆሮ ሲሸጥ ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። እኔ ትናንት የቆርቆሮውን ብር ገቢ ላይ ጻፍኩት።