ጥር 12 የተጻፈው ዕቅድ፦ የማኅደረ ተግባሬ ስምንተኛ ሳምንት

ባለፈው ጽሑፌ ለመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና የማቀርበው ማኅደረ ተግባሬ፣ ማለትም የሥራዬ ማስረጃዎች ጥራዝ፣ እንዳለቀ ነግሬአችሁ ነበር። አላለቀም። ይልቁንም ግማሹን አውጥቼ ጣልሁት፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከእናንተም መካከል ለሙያ ፈቃድ ምዘና የምትዘጋጁ ስላላችሁ።

የመጀመሪያው ጥራዝ 140 ገጽ ነበር። እዚህ ጎንደር ከማራኪ ወደ ፒያሳ ሄጄ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ፣ በጠመዝማዛ ሽቦ አስጠርዤ፣ ክብደቱን እያየሁ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአማርኛ መምህር አሉ። እርሳቸው ምዘናውን ቀደም ብለው ስላለፉ እንዲያዩልኝ ሰጠኋቸው። በሻይ ሰዓት ገለጥ ገለጥ አደረጉት። የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ሌላ ምስክር ወረቀት፣ የዓመቱን 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚያሳይ ቅጽ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። ዘጉትና «ይህ ሁሉ አንቺ የተማርሽው ነው፤ ልጆቹ የተማሩት የት አለ?» አሉኝ።

ከዚያ በዕቅዶቹ መካከል አንዱን አውጥተው ቀኑን አሳዩኝ። ጥር 12 ይላል። ጎንደር ውስጥ ጥር 12 ቀን፣ ገና የሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ እየተመለሰ ሳለ፣ እኔ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተምሬአለሁ ማለት ነው! ከታችም በራሴ እጅ «ክፍለ ጊዜው በዕቅዱ መሠረት ተጠናቋል» ብዬ ፈርሜአለሁ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የካቻምናውን ሳምንታዊ ዕቅድ ስገለብጥ ቀኖቹን በተራ ሞላሁ እንጂ የቀን መቁጠሪያ አላየሁም። ሳፍር ጋሼ ግን ሳቁ። «ቀኑ ትንሹ ነው። ሠላሳ ዕቅድ አለሽ፤ ሠላሳውም ሥር ያለው ግምገማ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ» አሉ።

እውነት ነበር። የመጀመሪያ ሐሳቤም ደግሞ ይባስ የሚያስነቅፍ ነበር፤ ማታ ቁጭ ብዬ ለሠላሳዎቹም የተለያየ ግምገማ ልጽፍላቸው አሰብሁ። ሁለት ሞክሬ ተውሁት። ያልታየን ክፍለ ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ሲያስታውሱት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፦ «ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል፣ የጊዜ እጥረት ነበር።» የማንም ተማሪ ስህተት የለበትም። ገምጋሚ የሚፈልገው ደግሞ ስህተቱን ነው፤ መምህሩ ምን አይቶ ምን እንደለወጠ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

ስለዚህ አዲሱን ሥራ ከአንድ ርዕስ ጀመርሁ፤ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። ለአንድ ርዕስ ብቻ ዕቅዱን፣ የሆነውን፣ የለወጥሁትንና የልጆቹን ሥራ በቅደም ተከተል ላስቀምጥ ወሰንሁ።

የካቲት 10 ከትምህርቱ በፊት በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ሰጠሁ፦ 1/2 + 1/3። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ትክክልና ስህተት ብዬ ብቻ አልለየሁም፤ በስህተቱ ዓይነት ሦስት ቦታ ከመርኋቸው። አንደኛው ክምር 2/5 የጻፉት ናቸው፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረዋል። ሁለተኛው ክምር 2/6 የጻፉት ናቸው፤ የጋራ ታህት አግኝተዋል፣ ላዕሎቹን ግን አልለወጡም። ሦስተኛው ትክክለኛውን 5/6 የጻፉት። ይህን መለያየት ማርክ ብቻ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር፤ ሁለቱም ስህተቶች ዜሮ ናቸውና።

ዕቅዱን የጻፍሁት ከዚህ በኋላ ነው። ከአሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወፍራም ወረቀት 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ዘንጎች ቆረጥሁ፤ በየሴንቲ ሜትሩም መስመር አሰመርሁባቸው። ግማሹ 6 ክፍል፣ ሲሶው 4 ክፍል፣ ድምሩ 10 ከ12። ከዚያም 2/5ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ይህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ያንሳል፤ ግን እኮ ግማሽ ላይ ጨምረንበታል» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። ይህንን አባባሏን ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ በዕቅዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍሁት። አሁን በማኅደሬ ውስጥ ያለው ያ በእርሳስ የተጻፈው ነው፤ በኮምፒውተር አላስተካከልሁትም።

የካቲት 28 እኩል ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ ሰጠሁ፦ 1/4 + 2/3። ያንኑ ጥያቄ ብደግመው መልሱን በቃላቸው ይዘውት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ልገባበት ነበር። በክፍሌ 48 ተማሪዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ቀን 45፣ በሁለተኛው 46 ተፈትነዋል። የሁለቱን ቀን ጠቅላላ ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ አንድ አይደሉም። ስም በስም አመሳክሬ ሁለቱንም የተፈተኑትን 43 ብቻ ወሰድሁ። ከእነርሱ መካከል ትክክል የሠሩት ከ7 ወደ 24 ከፍ ብለዋል። ታህትን ከታህት የሚደምሩት ከ28 ወደ 7 ወርደዋል። ሁለተኛውን ስህተት የሠሩት ግን፣ ይህ ነው ያስደነገጠኝ፣ ከ8 ወደ 12 ጨምረዋል።

መጀመሪያ የጻፍሁት «የተማሪዎች ውጤት በእጅጉ ተሻሽሏል» የሚል ነበር፤ ስለ 12ቱም አላነሣሁም። ጋሼ ይህንን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ 12 የሚለውን ቁጥር ብቻ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ወደ ወረቀቶቹ ተመለስሁ። አሥራ ሁለቱም 3/12 ብለው ጽፈዋል። አሥራ ሁለትን ከየት አመጡት? ከዘንጉ። መስመሮቹን ያሰመርሁላቸው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ቆጠሩ እንጂ ግማሽ የሚባለው 6/12 መሆኑን፣ ማለትም ስሙ እንደተለወጠ መጠኑ ግን እንዳልተለወጠ፣ በእጃቸው አልሠሩትም። ታህቱ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ ላዕሉ እንደነበረ ቀረ። መሣሪያዬ አንዱን ስህተት አንሥቶ ሌላውን ተክሎታል። ይህንን ነው እንግዲህ በግምገማው ውስጥ የጻፍሁት፤ በዚሁ ቃል።

መጋቢት 5 ዘንጉን ባዶውን ሰጠኋቸው። በማስመሪያ ራሳቸው ከፋፈሉት፤ በሩቡ ሥር 3/12፣ በሁለት ሦስተኛው ሥር 8/12 እየጻፉ ከመደመራቸው በፊት ስሙን እንዲለውጡ አደረግሁ። ክፍለ ጊዜው አልበቃም፤ ማስመሪያ ያልነበራቸው ብዙ ስለነበሩ መደመሩ ለማግስቱ ተረፈ። ከሳምንት በኋላ ያን ሁለተኛ ስህተት የሠሩትን 12 ልጆች በሌላ ጥያቄ አየኋቸው፤ አንዱ ቀርቶ ነበር፣ 8 አስተካክለዋል፣ 3 እንዳሉ ናቸው። ሦስቱን በምን እንደምረዳቸው ገና እያሰብሁ ነው፤ ዕቅዱም ላይ እንዲሁ ተጽፏል።

የልጆቹን ሥራ ስመርጥ ንጹሕና ያማረውን ደብተር ለማስገባት እጄ ይቸኩላል። ሦስት ልጆች መረጥሁ፤ ከመጀመሪያውም ትክክል የነበረ፣ ከ2/5 ተነሥታ የደረሰች፣ እስካሁንም ያልደረሰ። የእያንዳንዱ የሦስቱም ቀን ወረቀት በተከታታይ ገብቷል። ስማቸውን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኜ ነው ፎቶ ኮፒ ያስነሣሁት፤ በምትኩም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብያቸዋለሁ። የስም ዝርዝሩ ቤቴ ነው። በቀለም መሰረዝ አይበቃም፤ ጥቁሩ ሥር ስሙ በብርሃን ይነበባል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

በእያንዳንዱ ማስረጃ ፊት ትንሽ ገላጭ ወረቀት አለ፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን እንደሚያሳይና ከዚያ ምን እንዳደረግሁ በአራት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ያልተገኘለትን ማስረጃ አወጣሁት። ምስክር ወረቀቶቹ አብዛኞቹ የወጡት በዚህ ነው። ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንደኛው የተከታታይ ምዘና ሥልጠና ነው፤ ስህተትን በዓይነት መክፈልን የሰማሁት እዚያ ስለነበር ከየካቲት 10 ክምሮች ጋር አያያዝሁት። ሰባቱን የመምህራን ሙያ ስታንዳርዶች በሚመለከት ደግሞ አንዱን ማስረጃ ሦስት ቦታ መገልበጥ ትቻለሁ፤ ከፊት ባለው ሰንጠረዥ ላይ የዕቅዱም፣ የምዘናውም፣ ተማሪን የማወቁም መስመር ወደዚያው ገጽ ያመለክታል። ጥራዙ አሁን 38 ገጽ ነው።

የቀረኝ የክፍል ምልከታው ነው። የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን ባለፈው ሴሚስተር ገብታ የሞላችው ቅጽ ላይ በሁሉም ረድፍ «በጣም ጥሩ» ይላል። ስለወደደችኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣት፤ ገላጭ ወረቀት ላይ ግን አራተኛውን ዓረፍተ ነገር ልጽፍለት አልቻልሁም። ስለዚህ ትናንት እንደገና እንድትገባ ለመንኋት፤ በዚህ ጊዜ ምንም እንዳትፈርድ፣ የመቀመጫ ንድፍ ይዛ የጠየቅሁት ልጅ ላይ ብቻ ነጥብ እንድታስቀምጥ።

ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፈገግ ብላ ነበር። በክፍለ ጊዜው 19 ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ ከእነዚህ 15ቱ ነጥቦች በፊተኞቹ ሦስት ረድፎች ላይ ናቸው። ሐ የምለው ልጅ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ከኋላ ነው፤ በእርሱ ዙሪያ አንድም ነጥብ የለም። ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከእርሱ እጀምራለሁ፤ ንድፉንም ባዶውን አባዝቼ ለተጠሪዋ ሰጥቻታለሁ።