የማስተካከያ ምዝገባን በአንድ ገጽ፦ 40,000 ወይስ 80,000?

ከሒሳብ አያያዝ ትምህርታችን የማስተካከያ ምዝገባን ምዕራፍ በምሳሌና በማረጋገጫ ደረጃዎች አጠቃልዬ አንድ ገጽ ላይ አሳረፍኩት። ደስ ስላለኝ አብራችሁኝ ለምትማሩ ላካፍላችሁ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የእርጅና ተቀናሽና የጽሕፈት መሣሪያ ብዙ አላስቸገሩኝም፤ አንዳንድ ምሳሌ በቃቸው። የገጹን ግማሽ የወሰደው በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ነው።

ምሳሌውን ከዚሁ ከድሬዳዋ አወጣሁት። ከዚራ ያለ አንድ የጨርቅ መደብር መጋቢት 1 ቀን የዓመት ኪራይ 120,000 ብር ከፈለ እንበል። ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። እስከዚያ አራት ወር ያልፋል፤ በወር 10,000 ሲታሰብ 40,000 ብሩ ወጪ ይሆናል፤ 80,000 ብሩ ግን ገና ያልተጠቀሙበት ሀብት ነው። ታዲያ የማስተካከያው መጠን የትኛው ነው?

መልሱ ክፍያው መጀመሪያ በምን ሒሳብ እንደተመዘገበ ይወሰናል። 120,000 ብሩ «ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» ተብሎ በሀብት ከተያዘ፣ የኪራይ ወጪን በ40,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይን በ40,000 ክሬዲት እናደርጋለን። ሙሉው በኪራይ ወጪ ከተያዘ ግን ወጪው በ80,000 በዝቷል፤ ስለዚህ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ በ80,000 ዴቢት፣ የኪራይ ወጪ በ80,000 ክሬዲት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻ ላይ ወጪው 40,000፣ ሀብቱ 80,000 ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ነው ዴቢትና ክሬዲቱን በየዓይነቱ በቃል መያዝን አጥብቄ የምቃወመው። በቃሉ የያዘ ተማሪ በሁለተኛው ሁኔታም የመጀመሪያውን ምዝገባ ይጽፋል፤ ወጪው 160,000 ይደርሳል፣ ቅድሚያ የተከፈለው ኪራይም የ40,000 ክሬዲት ቀሪ ያሳያል። የሙከራ ሚዛኑ ግን እኩል ስለሚመጣ ስሕተቱን አያጋልጥም። የሚያጋልጠው ያ የክሬዲት ቀሪ ነው፤ የከፈልነው ኪራይ ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልምና። የተጠራቀመ የእርጅና ተቀናሽ ግን በተፈጥሮው የክሬዲት ቀሪ ስላለው በዚህ መለኪያ አይፈተሽም።

ስለዚህ የማረጋገጫዬ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሙከራ ሚዛኑ ላይ አሁን ያለውን ቀሪ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ሰኔ 30 ላይ ሊኖር የሚገባውን ከውሉና ከቀኑ አሰላለሁ። የሁለቱ ልዩነት የምዝገባው መጠን ነው። ከዚያ አንዱ ሒሳብ የወጪ ወይም የገቢ፣ ሌላው የሀብት ወይም የዕዳ መሆኑን አያለሁ። ጥሬ ገንዘብ ከገባበት ማስተካከያ ስላልሆነ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። በመጨረሻ አዲሶቹን ቀሪዎች አውጥቼ በሁለተኛው ደረጃ ካሰላሁት ጋር አስተያያለሁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምይዘው እሱን ነው።

ከደንበኛ በቅድሚያ የተቀበልነው ገንዘብም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በዕዳ ተይዞ ከሆነ አገልግሎት የሰጠንበትን ያህል ወደ ገቢ እናዛውራለን፤ ሙሉው በገቢ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ገና ያልሰጠንበትን ያህል ወደ ዕዳ እንመልሳለን።